ኦክስጅኑ ከየት ገባ?

የምግብ ቴክኖሎጂ ተማሪ ስለ ማሸጊያ ለፈተና ሲዘጋጅ ብዙውን ጊዜ የሚሸመድደው ስም ነው። የትኛው ፕላስቲክ ኦክስጅን ይከለክላል፣ ለየትኛው ምግብ የትኛው ጋዝ ይነፋል፣ ናይትሮጅን ለምን ተመረጠ የሚሉትን በቃሉ ይይዛል። ይህ ቀላሉን ጥያቄ ያስመልሳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ሆነ በህንድ ጌት በሚባለው ፈተና የምግብ ቴክኖሎጂ ክፍል፣ ተማሪን ከተማሪ የሚለየው ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ አንድ ከረጢት፣ አንድ ምግብና ጥቂት ቁጥሮች ይሰጡና «ምግቡ ስንት ቀን ይቆያል?» ይባላል። በጌት የቁጥር መልስ በሚጠይቁት ጥያቄዎች ላይ ደግሞ ምርጫ እንኳ የለም፤ ተፈታኙ ያገኘውን ቁጥር ራሱ ያስገባል።

እነዚህ ጥያቄዎች መልካቸው ቢለያይም የሚመረምሩት አንድ ነገር ነው። ምግቡ ሳይበላሽ ሊቀበለው የሚችለው የኦክስጅን መጠን አለ፤ እሱ በጀቱ ነው። በጀቱን የሚበሉት ወጪዎች ደግሞ ሁለት ናቸው፤ ሲታሸግ አብሮ የታሸገው ኦክስጅንና ከታሸገ በኋላ በማሸጊያው በኩል እየሰረገ የሚገባው። ሁለተኛውን አስልቶ የመጀመሪያውን የረሳ ተማሪ፣ ቀመሩን በትክክል ጽፎም ይሳሳታል። በዚህ ምዕራፍ አንድ የቡና ጥያቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሠራና፣ ከዚያ ያው ቀመር ተገልብጦ የሚመጣበትን የእንጆሪ ጥያቄ እናያለን። ሁለቱም ጥያቄዎች ለዚህ ምዕራፍ ያዘጋጀኋቸው ናቸው።

ቡናን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤት ውስጥ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ወዲያው የሚፈላ ቡና ማሸጊያ አያስፈልገውም፤ ኦክስጅን ዘይቱንና መዓዛውን ለማበላሸት ጊዜ አያገኝም። ተቆልቶና ተፈጭቶ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ዱባይ የሚሄደው ቡና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሲፈጭ ለአየር የሚጋለጠው ገላው እጅግ ይሰፋል፤ ከሳምንታት በኋላ ሲከፈት ቀለሙ ያው ሆኖ ሽታው ግን የቆየ ዘይት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄው እንዲህ ነው። 250 ግራም የተፈጨ ቡና በከረጢት ይታሸጋል። የከረጢቱ ፊት 15 በ20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጀርባውም እንዲሁ። ቡናው በአንድ ግራም ከ0.1 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን ከወሰደ ጣዕሙ ተቀባይነት ያጣል። ከረጢቱ ውስጥ፣ በቡናው ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ጨምሮ፣ 200 ሚሊ ሊትር የጋዝ ቦታ አለ። ለምርጫ ሦስት ማሸጊያዎች ቀርበዋል። የመጀመሪያው 50 ማይክሮን ውፍረት ያለው ፖሊኢትሊን ሲሆን ኦክስጅን የማሳለፍ መጠኑ 3,000 ነው። ሁለተኛው ባለ 12 ማይክሮን ፔት ከፖሊኢትሊን ጋር የተጣበቀበት ሲሆን መጠኑ 110 ነው። ሦስተኛው ፔቱ በስስ አሉሚኒየም የተቀባ ሲሆን መጠኑ 1 ነው። ቁጥሮቹ ሁሉ በሚሊ ሊትር በካሬ ሜትር በቀን በአንድ የአየር ግፊት ልዩነት የተለኩ ናቸው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለእያንዳንዱ የቆይታ ጊዜውን አስሉ።

መጀመሪያ በጀቱን እናውጣ። 250 ግራም ሲባዛ በ0.1 ሚሊ ግራም 25 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይሆናል። የማሸጊያው ቁጥር ግን በጋዝ ይዘት እንጂ በክብደት አልተሰጠም፤ ስለዚህ ወደ ሚሊ ሊትር መለወጥ አለበት። የኦክስጅን ሞል 32 ግራም ይመዝናል፤ በ25 ዲግሪ ደግሞ ወደ 24.5 ሊትር ቦታ ይይዛል። 25 ሲካፈል ለ32 ሲባዛ በ24.5፣ 19 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል። እዚህ ላይ 22.4 የሚለውን ቁጥር ከልማድ የሚያስገባ ብዙ ነው፤ እሱ የዜሮ ዲግሪ ነው፤ ጥያቄው ግን 25 ዲግሪ ብሏል። ፈታኙ ሙቀቱን የጻፈው በከንቱ አይደለም።

ቀጥሎ ስፋቱ። ፊትና ጀርባው ተደምሮ 600 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 0.06 ካሬ ሜትር ነው። አንዱን ፊት ብቻ የሚወስድ ተፈታኝ የቡናውን ዕድሜ በእጥፍ ያስረዝማል።

ሦስተኛው፣ ብዙ ማርክ የሚጠፋበት ነው። የማሳለፍ መጠኑ የተለካው በአንድ የአየር ግፊት ልዩነት ነው፤ ይህም ማለት በመለኪያው መሣሪያ ላይ በአንዱ ጎን ንጹሕ ኦክስጅን፣ በሌላው ጎን ምንም ኦክስጅን የለም። የእኛ ከረጢት የሚቀመጠው ግን አየር ውስጥ ነው፤ ከአየር ውስጥ ኦክስጅኑ 21 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚገፋው ኃይል 0.21 ነው። ይህን የረሳ የቆይታ ጊዜውን ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ያሳንሳል። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ አንዳንድ ጥያቄ ቁጥሩ «በአየር» እንደተለካ ይናገራል፤ ያኔ በ0.21 ደግሞ ማባዛት ዕድሜውን በሐሰት አምስት እጥፍ ያስረዝማል። ልዩነቱን የሚነግረን ከቁጥሩ ጋር የተጻፈው መለኪያ ብቻ ነው። መለኪያው ውስጥ የግፊት ስም ካለ በግፊት ልዩነቱ እናባዛለን፤ ከሌለ ልኬቱ በምን ሁኔታ እንደተደረገ ጥያቄውን መልሰን እናነባለን።

አሁን ስሌቱ ቀላል ነው። ለፖሊኢትሊኑ በቀን የሚገባው 3,000 × 0.06 × 0.21 = 37.8 ሚሊ ሊትር ነው። 19 ለዚህ ሲካፈል ግማሽ ቀን ይመጣል። ለፔቱ በቀን 1.39 ሚሊ ሊትር ይገባል፤ ቡናው 14 ቀን ገደማ ይቆያል። አሉሚኒየም ለተቀባው በቀን 0.0126 ሚሊ ሊትር ብቻ ይገባል፤ 19 ሲካፈል ለ0.0126፣ 1,508 ቀን፣ ከአራት ዓመት በላይ ማለት ነው።

ብዙ ተፈታኝ እዚህ ላይ ብዕሩን ያስቀምጣል። ነገር ግን ጥያቄው 200 ሚሊ ሊትር የጋዝ ቦታ እንዳለ ነግሮናል። ቡናው ያለ ምንም ጋዝ ለውጥ በተራ አየር ከታሸገ፣ ከ200 ሚሊ ሊትሩ 42ቱ ኦክስጅን ነው። በጀታችን 19 ነበር። ከረጢቱ በታሸገበት ደቂቃ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ቡናውን ለማበላሸት ከሚያስፈልገው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፤ ማሸጊያው ብረት ቢሆን እንኳ አያድነውም። ለውድ ማሸጊያ የወጣው ገንዘብ ያለ ጥቅም ቀረ ማለት ነው።

ናይትሮጅን የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ናይትሮጅን በራሱ ቡናውን አይጠብቅም፤ ሥራው አየሩን ማስወጣት ነው። ተነፍቶ የቀረው ኦክስጅን 1 በመቶ ከሆነ በከረጢቱ ውስጥ 2 ሚሊ ሊትር ብቻ አለ። ከ19 ሲቀነስ 17 ይተርፋል፤ በሦስተኛው ማሸጊያ 1,349 ቀን ገደማ ይሆናል። ከዚህ ላይ አንድ እርምጃ ብንቀጥል ጥያቄው ውስጥ የተደበቀው ነገር ይገለጣል። እያንዳንዱ 1 በመቶ ቀሪ ኦክስጅን 2 ሚሊ ሊትር ነው፤ ያንን ያህል በማሸጊያው በኩል ለመግባት 159 ቀን፣ ከአምስት ወር በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ማሸጊያው አንዴ ጥሩ ከሆነ በኋላ የቡናውን ዕድሜ የሚወስነው ፕላስቲኩ መሆኑ ይቀራል፤ ጋዝ የሚነፋው ማሽን ይሆናል። ማሽኑ ተዛንፎ 5 በመቶ ቢያስቀር 10 ሚሊ ሊትር፣ ከግማሽ በላይ የሆነው በጀት፣ ገና ከፋብሪካው ሳይወጣ አለቀ ማለት ነው። ፋብሪካዎች ከማሸጊያው መስመር ላይ ከረጢት እያነሱ በመርፌ ወግተው የውስጡን ኦክስጅን የሚለኩት ለዚህ ነው።

ይህ ስሌት የሚቆምበትን ግምትም ተማሪው መናገር መቻል አለበት፤ ጥሩ ፈታኝ ይጠይቀዋልና። በውስጡ ያለው ኦክስጅን ሁልጊዜ ዜሮ አጠገብ እንደሆነ፣ ማለትም የገባው ሁሉ ወዲያው ከቡናው ጋር እንደሚዋሐድ ወስደናል። በእርግጥ ግን በውስጥ ጥቂት ኦክስጅን በተጠራቀመ ቁጥር የውጭና የውስጥ ልዩነት ይቀንሳል፤ የሚገባውም ይዘገያል። ስለዚህ በዚህ በኩል ያገኘነው የጥንቃቄ ቁጥር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ስሌቱ የማያየው ነገር አለ። ከረጢቱ ሲታጠፍና ሲፈተግ በስሱ የአሉሚኒየም ቅብ ላይ የሚፈጠረው ስንጥቅ፣ እንዲሁም የቡና ብናኝ በመዝጊያው መስመር ላይ ገብቶ የሚተወው ቀጭን ቀዳዳ በስሌቱ ውስጥ አልገቡም። አንድ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ከመላው የከረጢቱ ገጽ ይበልጥ ኦክስጅን ሊያስገባ ይችላል። አራት ዓመት የሚል ስሌት ያገኘ አምራች አራት ዓመት ብሎ የማይጽፈው ለዚህ ነው። ችግሩን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ከረጢቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ ጫን ማለት ነው፤ አረፋው ከመዝጊያው መስመር ከወጣ ጥፋቱ የፕላስቲኩ ሳይሆን የአስተሻሸጉ ነው።

ስሌቱ የማያየው ሌላም ነገር አለ፤ አዲስ የተቆላ ቡና ራሱ ጋዝ ያወጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ሳያርፍ ከታሸገ ከረጢቱ ይነፋል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። በአንዳንድ የቡና ከረጢቶች ላይ የምትታየው ትንሽ ክብ ነገር ወደ ውጭ ብቻ የምትከፈት ቫልቭ ናት። ውስጡ ሲገፋ ታስወጣለች፤ አየር ግን አታስገባም።

ወደ ፕላስቲኮቹ ስም እንመለስ፤ እዚያም ማሰብ የሚፈልግ ነገር አለ። «ከሚከተሉት ኦክስጅንን በይበልጥ የሚከለክለው የትኛው ነው?» ተብሎ ፖሊኢትሊን፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ፖሊስታይሪንና ኢቪኦኤች ሲቀርቡ መልሱ ኢቪኦኤች ነው። ምክንያቱን የሚያውቅ ግን ቀጣዩንም ጥያቄ ይመልሳል። በኢቪኦኤች ሰንሰለት ላይ ያሉት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቡድኖች እርስ በርሳቸው አጥብቀው ይሳሳባሉ፤ ሰንሰለቶቹ ስለሚጠጋጉ ኦክስጅን ማለፊያ ያጣል። እነዚሁ ቡድኖች ግን ውኃንም ይስባሉ። ውኃ ሲገባ መሳሳባቸው ይላላል፣ ሰንሰለቶቹ ይለያያሉ፤ የሚያሳልፈው ኦክስጅን ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ፖሊኢትሊን ተቃራኒው ነው፤ ውኃን በደንብ ይመልሳል፣ ኦክስጅንን ግን ያሳልፋል። ኢቪኦኤች ለብቻው የማይሠራውና በፖሊኢትሊን ወይም በፖሊፕሮፒሊን ንብርብሮች መካከል የሚገባው ለዚህ ነው። የጎደለውን አንዱ ለሌላው ይሞላል።

ስለዚህ «የማሳለፍ መጠኑ በደረቅ አየር 0.5 የሆነ ኢቪኦኤች ለወጥ ማሸጊያ ይበቃል?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ቁጥሩን ወስዶ ማስላት ወጥመድ ነው። የወጡ እርጥበት ከውስጥ ይመጣል፤ በደረቅ አየር የተለካው ቁጥር ለዚያ ሁኔታ አይሠራም። መልሱ እርጥበቱ በሚመጣበት በኩል ወፈር ያለ ፖሊፕሮፒሊን ማድረግና የማሳለፍ መጠኑን በእርጥበት ከተለካ ሰንጠረዥ መውሰድ ነው። ለደረቅ ቡና ደግሞ እርጥበቱ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ካርቶኑ በጅቡቲ ወደብ ሙቀትና እርጥበት ውስጥ የሚከርም ከሆነ መከላከያው በውጭው በኩል ያስፈልጋል። የአንድ ፕላስቲክ ስም በቃል መያዝ እነዚህን ሁለት መልሶች አይሰጥም፤ «ውኃው ከየት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ይሰጣል።

እስካሁን ኦክስጅን ጠላት ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። የተሻሻለ አየር ያለው ማሸጊያ ማለት ኦክስጅን የተወገደበት ማለት ነው ብሎ የሚያምን ተማሪ በቀይ ሥጋ ጥያቄ ይወድቃል። ለሱቅ መደርደሪያ የሚታሸግ ትኩስ የበሬ ሥጋ ብዙ ጊዜ የሚነፋበት ጋዝ ከ70 እስከ 80 በመቶ ኦክስጅን፣ ቀሪው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከፍተኛው ኦክስጅን የሥጋውን ቀለም ደማቅ ቀይ አድርጎ ያቆያል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደግሞ ባክቴሪያዎችን ያዘገያል። ዋጋም አለው፤ ኦክስጅኑ ስቡን ቶሎ ያበላሻል። ገዢው የሚመርጠው በቀለም ስለሆነ አምራቹ ይህን ዋጋ ይቀበላል።

ፍራፍሬ ከዚህም ይለያል፤ ሕያው ነውና ይተነፍሳል። እዚህ ያው ቀመር ተገልብጦ ይመጣል። በቡናው «ምን ያህል ይገባል?» ነበር የምንለው፤ በፍራፍሬው «ምን ያህል እንዲገባ እናድርግ?» እንላለን። ኦክስጅኑ ፈጽሞ ከተከለከለ ፍሬው ታፍኖ መብላላት ይጀምራል፤ ስለዚህ ኢቪኦኤች እዚህ የተሳሳተ መልስ ነው።

እንዲህ የሚል ጥያቄ እንውሰድ። ግማሽ ኪሎ እንጆሪ በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል። በጥቅሉ ውስጥ ኦክስጅኑ 5 በመቶ ላይ እንዲረጋ ይፈለጋል። በዚያ ሁኔታ እንጆሪው በአንድ ኪሎ በሰዓት 12 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይጠቀማል። የጥቅሉ ስፋት 0.1 ካሬ ሜትር ነው። ማሸጊያው ኦክስጅን የማሳለፍ መጠኑ ስንት መሆን አለበት?

ግማሽ ኪሎው በሰዓት 6፣ በቀን 144 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። ኦክስጅኑ በ5 በመቶ እንዲረጋ የሚገባውና ፍሬው የሚጠቀመው እኩል መሆን አለባቸው። የግፊት ልዩነቱ አሁን 0.21 አይደለም፤ ውስጥ 0.05 ስላለ 0.16 ነው። 144 ለ0.1 እና ለ0.16 ሲካፈል 9,000 ይሰጣል። ቅድም ያየነው ባለ 50 ማይክሮን ፖሊኢትሊን 3,000 ብቻ ነበር የሚያሳልፈው፤ የሚፈለገው ሦስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ወይ ፕላስቲኩ ይሳሳል፣ ወይ በጨረር ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይበሳል።

እነዚህ ሁለት መፍትሔዎች ለኦክስጅን እኩል ቢሆኑም ለካርቦን ዳይኦክሳይድ እኩል አይደሉም። እንጆሪው በተጠቀመበት ኦክስጅን ልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል ብንል፣ ይህ ጋዝ በፖሊኢትሊን ውስጥ ከኦክስጅን ወደ አራት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። 16 ሲካፈል ለ4 ስለሚሆን፣ በጥቅሉ ውስጥ የሚረጋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 4 በመቶ ነው። በቀዳዳ በኩል ግን ሁለቱ ጋዞች በተቀራረበ ፍጥነት ይወጣሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲያውም በትንሹ ይዘገያል፣ የ0.8 እጥፍ ያህል። 16 ለ0.8 ሲካፈል 20 በመቶ ይሆናል። ለእንጆሪ የሚመከረው ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ሻጋታን የሚያዘገየው እሱ ነውና። ቀዳዳው ለእንጆሪ የሚስማማው በዚህ ነው። ይህን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የማይችል እንደ ሰላጣ ያለ ቅጠል ግን በዚያው ጥቅል ይጎዳል።

የጥያቄው የመጨረሻ ክፍል ብዙ ጊዜ ስለ ቅዝቃዜ ነው። «ጥቅሉ በ20 ዲግሪ ቢቀመጥና የእንጆሪው ትንፋሽ አራት እጥፍ ቢጨምር ምን ይሆናል?» ፍሬው አሁን በቀን 576 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። ማሸጊያው ግን ውስጡ ፈጽሞ ኦክስጅን ባይኖረው እንኳ ሊያስገባ የሚችለው ከፍተኛው 9,000 × 0.1 × 0.21 = 189 ሚሊ ሊትር ነው። ሙቀቱ የፕላስቲኩን አሳላፊነት ይጨምራል፣ ግን ከትንፋሹ ባነሰ መጠን ነው፤ የቀዳዳውን ግን ከቁጥር የሚገባ አይጨምርም። ፍላጎቱና አቅርቦቱ ሊገናኙ አይችሉም። ኦክስጅኑ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ እንጆሪው ወደ መብላላት ይገባል፤ ጥቅሉ ሲነፋ ይታያል፣ ሲከፈትም የአልኮል ሽታ ይወጣዋል። ማርክ የሚያሰጠው መልስም «ተጨማሪ ቀዳዳ እንብሳ» አይደለም፤ ለ20 ዲግሪ የተበሳ ጥቅል በ5 ዲግሪ ኦክስጅኑን ወደ ተራው አየር ያስጠጋዋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ያመልጠዋል። ማሸጊያው የተሠራው ለአንድ ሙቀት ነው፤ ተፈታኙ ከቁጥሩ አጠገብ ያንን ሙቀት መጻፍ አለበት።